ታሞ ፈተና የቀረ ሰው ማመልከቻ

ለመንጃ ፈቃድ የሚሠለጥን ሰው የንድፈ ሐሳብ ትምህርቱን ሲጨርስ የፈተናውን ቀን ራሱ አይቆርጥም። በተለመደው አሠራር ማሠልጠኛ ተቋሙ የሠልጣኞቹን ስም ዝርዝር ለፈቃድ ሰጪው ቅርንጫፍ ያቀርባል፤ ቅርንጫፉ ቀንና ሰዓት ይመድባል፤ ተፈታኙም በተባለው ጊዜ መታወቂያውን ይዞ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ሥልጠናውንና ፈተናውን የፈቃድ ማግኛ መንገድ አድርጎ ደንግጓል። ሕመም ግን ፕሮግራም አይጠብቅም። ፈተናው ነገ ሊሆን ዛሬ ትኩሳት የጣለው ሰው ስሙ በዝርዝር ውስጥ ሰፍሯል፣ ወንበሩ ተይዟል፣ ገንዘቡም ተከፍሏል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው። አንዱ እንደታመመ ተነሥቶ ይሄድና በደከመ ራሱ ይፈተናል፣ ይወድቃልም። ሌላው ዝም ብሎ ይቀርና ከሳምንት በኋላ ማሠልጠኛው በር ላይ «ታምሜ ነበር እኮ» እያለ ያስረዳል። ሁለቱም ሊቀር የሚችል ኪሳራ ነው። የሚያስቀረውም በአንድ ገጽ የተጻፈ፣ በጊዜው መዝገብ ቤት የገባና ከሐኪም ወረቀት ጋር የተያያዘ ማመልከቻ ነው።

ማመልከቻ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። ከቀበሌ እስከ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ያመለከተ ሰው «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ለፈቃድ ሰጪ ቢሮ የሚጻፈው የቀን ለውጥ ጥያቄ የራሱ ጠባይ አለው። ደብዳቤውን የሚያነበው ኃላፊ በዚያው ቀን ብዙ ወረቀት ያያል፤ አመልካቹን አያውቀውም፤ ለውሳኔ የሚያስፈልገውም ነገር ጥቂት ነው። ይህ ሰው ማን ነው? የትኛው ፈተና ላይ ተመድቦ ነበር? በዚያ ቀን መታመሙን የሚያረጋግጥ ሰነድ አለ? የሚጠይቀውስ ምንድን ነው? እነዚህን የሚመልስ ደብዳቤ ወዲያው ይመራል። የማይመልስ ደብዳቤ፣ ምንም ያህል በትሕትና ቢጻፍ፣ «ማስረጃ ይዘህ ተመለስ» ተብሎ ይመለሳል።

ነገሩን በተግባር ለማየት ለማሳያ የሚሆን ጉዳይ እንውሰድ። በአዲስ አበባ አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ የሆነች ወጣት በአውቶሞቢል ዘርፍ ሠልጥናለች። የንድፈ ሐሳብ ፈተናዋ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ማክሰኞ ኅዳር 9 ከእንቅልፏ ስትነሣ ዓይኖቿ ቀልተው፣ ሽፋሽፍቶቿ በዓይናር ተጣብቀዋል። ክሊኒክ ሄደች፤ የዓይን ማዝ ነው ተባለች። ጠብታ ታዘዘላት፣ የአምስት ቀን ዕረፍትም ተጻፈላት። የዓይን ማዝ በእጅና በጋራ በሚነካ ዕቃ ይተላለፋል። ሌሎች ተፈታኞች ተራ በተራ የሚነኩት ኪቦርድና ማውስ ላይ እጇን ብታሳርፍ ከእሷ አልፎ ለሌላውም ይተርፋል።

ረቡዕ ጠዋት ጎረቤቷ «እኔ ልጻፍልሽ» ብሎ የመጀመሪያውን ማመልከቻ አረቀቀላት። እንዲህ ይላል፦

«ለክቡር የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ። በቅድሚያ ለክቡርነትዎ ያለኝን የላቀ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ አመልካች ከልጅነቴ ጀምሮ መኪና መንዳት እመኝ ነበር። ሆኖም ድንገት ዓይኔን ታምሜ ምንም ነገር ማየት ስላቃተኝ በፈተናው ልገኝ አልችልም። ክፍያውንም የከፈልኩት ተበድሬ ነው። ስለዚህ በእግዚአብሔር ስም የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ።»

የዚህ ደብዳቤ ችግር ልመናው አይደለም፤ ትሕትና ባህላችን ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ቀን አለመጠቀሱ ነው። ፈተናው መቼ እንደሆነ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ መቼ እንደሚያበቃ አይናገርም። የየትኛው ማሠልጠኛ ሠልጣኝ እንደሆነች፣ በየትኛው የፈቃድ ዘርፍ እንደምትፈተን አልተጻፈም። «የሚቻለውን ሁሉ» የሚለው ጥያቄም ኃላፊው ምን ብሎ እንደሚመራው አያመለክተውም። ቀኑ ይቀየር ነው? ገንዘቡ ይመለስ ነው? ወይስ ፈተናው ይሰረዝ?

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን «ምንም ነገር ማየት ስላቃተኝ» የሚለው ሐረግ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ የአመልካቹን ዓይንና ጤንነት በራሱ ጉዳይነት ይመለከታል፤ አመልካች የሕክምና ምርመራ ወረቀት የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። በጥቂት ቀን የሚድን የዓይን ማዝ የያዛት ልጅ «አላይም» ብላ በፊርማዋ ብታረጋግጥ፣ ቀላሉ የቀን ለውጥ ጥያቄ ወደ ሌላ ጥያቄ ይዞራል፤ ይህች ሠልጣኝ ለመንዳት ብቁ ናት ወይ ወደሚል። «ራሴን ስቼ ወደቅሁ»፣ «አንቀጠቀጠኝ» የሚሉ አገላለጾችም እንዲሁ ናቸው። በትኩሳት ምክንያት የተንቀጠቀጠ ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሊታሰብ ይችላል።

ይህ ማለት ሕመምን መደበቅ አይደለም። በእርግጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ዓይኑ እየደከመ የሄደ ሰው ጉዳዩን ለሐኪሙም ለፈቃድ ሰጪውም በግልጽ መናገር አለበት፤ መሪ የሚጨብጠው በሌሎች ሰዎች ሕይወት ላይም ጭምር ነውና። ጊዜያዊ ሕመም ሲሆን ግን የሕመሙ ስም ሐኪሙ በጻፈው ቃል ይገለጽ፣ ከዚያ በላይ አይጨመር። ስሙን መጥቀስ የማይፈልግ ሰው «በወረቀቱ ላይ በተገለጸው ሕመም» ብሎ ማለፍ ይችላል። ኃላፊው የሚፈልገው የምልክቱን ዝርዝር ሳይሆን ሕመሙ የፈተናውን ቀን መሸፈኑን ነው።

ልጅቷ የጎረቤቷን ደብዳቤ አመስግና አስቀመጠችው፤ ከማሠልጠኛዋ የቢሮ ሠራተኛ ጋር በስልክ ተነጋግራም በሌላ ቀየረችው። ስምና ስልክ ሲቀር ሙሉው ይህ ነው፦

ቀን፦ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን
(የቅርንጫፉ ስም) ቅርንጫፍ ጽ/ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሕመም ምክንያት የንድፈ ሐሳብ ፈተና ቀን እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በ(የማሠልጠኛው ስም) በአውቶሞቢል ዘርፍ ሠልጥኜ፣ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት የንድፈ ሐሳብ ፈተና እንድወስድ ተመድቤያለሁ። ይሁን እንጂ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 18/11/2025) ሕክምና ተከታትዬ የዓይን ማዝ እንደያዘኝ ተረጋግጦ፣ ከኅዳር 9 እስከ ኅዳር 13 ቀን ለአምስት ቀናት ዕረፍት እንዳደርግ ታዞልኛል። የፈተናው ቀን በሐኪም በታዘዘልኝ የዕረፍት ጊዜ ውስጥ ስለዋለ መቅረብ አልችልም።

ስለሆነም ፈተናዬ ከኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ወደሚኖረው ቀጣይ ፕሮግራም እንዲዛወርልኝና በኅዳር 11 ፈተና በቀሪነት እንዳልመዘገብ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሠላምታ ጋር
(ሙሉ ስም ከነአያት፣ ፊርማ፣ ስልክ ቁጥር)

አባሪ፦ 1 ገጽ የሕክምና ማስረጃ፣ 1 ገጽ የመታወቂያ ቅጂ
ግልባጭ፦ ለ(የማሠልጠኛው ስም)

ደብዳቤው አጭር ነው፣ ግን ሥራውን የሚሠሩት በውስጡ ያሉት ቀኖች ናቸው። የፈተናው ቀን 11 ነው። ሐኪም የፈቀደው ዕረፍት ከ9 እስከ 13 ነው። አሥራ አንድ በዘጠኝና በአሥራ ሦስት መካከል እንደሚገኝ ለማየት ኃላፊው ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ደግሞ 10 ነው፤ ከፈተናው አስቀድሞ ማለት ነው። ተፈታኟ ከቀረች በኋላ ሰበብ የፈለገች ሳትሆን አስቀድማ ያሳወቀች ሰው መሆኗን ያ ቁጥር ብቻውን ይመሰክርላታል።

ከኅዳር 15 ጀምሮ ማለቷም በስሌት ነው። ዕረፍቷ የሚያበቃው ቅዳሜ ኅዳር 13 ነው፤ እሑድ 14 ነው፤ ሰኞ 15 ቢሮ ይከፈታል። አንድ ቀን ብቻ ቆርጣ «ኅዳር 16 ይሁንልኝ» ብትል ኖሮ በዚያ ቀን ፈተና ከሌለ ወይም ወንበር ከሞላ መልሱ «አይቻልም» ይሆን ነበር። «በቀጣዩ ፕሮግራም» ማለቷ ለቢሮው መተንፈሻ ሰጥቶታል፣ እሷንም ከሌላ ማመልከቻ አድኗታል።

በቀሪነት አለመመዝገብን ለብቻው መጠየቋም አስተዋይነት ነው። ብዙ ሰው ቀኑ ተቀየረልኝ ብሎ ይደሰትና ከወራት በኋላ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ተብሎ መጻፉን ሲሰማ ይደነግጣል። ቀሪ የተባለ ሰው እንደገና እንዲከፍል ወይም እንደገና እንዲመዘገብ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፤ አዲስ ቀን ይሰጠኝ፣ የቀድሞው ቀንም አይቆጠርብኝ። በደብዳቤው ላይ ሁለቱም በስማቸው መጠራት አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው አባሪ፣ ሰዉ «ሲክ ሊቭ» ወደሚለው የሐኪም ወረቀት እንምጣ። በዚህች ወረቀት ምክንያት ከሁሉ ይበልጥ የሚመለሰው ማመልከቻ ቀኑ የማይገጥም ነው። አብዛኞቹ የጤና ተቋማት ወረቀቱን በእንግሊዝኛ፣ ቀኑንም በፈረንጆች አቆጣጠር ይጽፋሉ። የፈተናው መጥሪያ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በሁለቱ መካከል ያለው የዓመት ልዩነት ሰባት ነው፤ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ስምንት ይሆናል። ኅዳር 9 ቀን 2018 በፈረንጆች ኖቬምበር 18 ቀን 2025 ነው። ልጅቷ በደብዳቤዋ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀመጠችው ለዚህ ነው፤ ደብዳቤውንና ወረቀቱን እያገላበጠ የሚያነጻጽረው ሠራተኛ ራሱ እንዳያሰላ።

በቁጥር ብቻ የሚጻፍ ቀን ሌላ ወጥመድ አለው። ኅዳር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሦስተኛ ወር ስለሆነ 11/3/2018 ብሎ የጻፈ ሰው ኅዳር 11 ማለቱ ነው። ፈረንጅኛውን የለመደ ዓይን ግን ከዓመታት በፊት ያለፈውን መጋቢት ያነብበታል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለው በኮምፒውተር መጥሪያ ላይ 9:00 ሆኖ ሊታተም ይችላል። «ጠዋት» የሚለው ቃል ከሌለበት አንባቢው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል።

ስምም ይፈተሻል። በወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስም ከመታወቂያው ጋር መመሳሰል አለበት፤ የአያት ስምም መግባት አለበት። ካርድ ክፍል ሲመዘገቡ በቤት መጠሪያ ስም መመዝገብ የብዙዎች ልማድ ነው። ፋሲካ ተብላ የምትጠራ ልጅ መታወቂያዋ ላይ ያለው የክርስትና ስሟ ቢሆን፣ ሁለቱ ወረቀቶች የሁለት ሰዎች ሆነው ይታያሉ። ይህን ማስተካከል የሚቀለው ገና ክሊኒኩ ውስጥ ሳሉ ነው። ከዚያ ሳይወጡ ወረቀቱን ማንበብ፣ የካርድ ቁጥሩን፣ የምርመራውን ቀን፣ ከመቼ እስከ መቼ ዕረፍት እንደተሰጠ፣ የሐኪሙን ስምና ፊርማ፣ የተቋሙን ማኅተም ማየት ያስፈልጋል። ማኅተም የሌለው ወረቀት የትም አይደርስም። «ዕረፍት ያስፈልገዋል» ብቻ ብሎ የቀኑን ብዛት ያልጠቀሰ ወረቀትም ደካማ ነው።

በፈተናው ማለዳ በድንገት የሚታመም ሰውስ? እሱ አስቀድሞ ማመልከት አይችልም፤ ደብዳቤውም ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት አለበት። «ሕመሙ በፈተናው ዕለት ሌሊት ስለጀመረኝ አስቀድሜ ማሳወቅ አልቻልኩም» ማለት ይበቃል። እዚህ ላይ የሚወስነው ሐኪም ዘንድ የተኬደበት ቀን ነው። በዕለቱ የተመረመረ ሰው ጠንካራ ማስረጃ አለው። ትኩሳቱን በቤቱ በዳማከሴና በትኩስ ሻይ አሳልፎ፣ ተሽሎት በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ የሄደ ሰው ግን ከሐኪሙ ብዙ መጠበቅ አይችልም። ሐኪም የሚመሰክረው ባየው ላይ ነው፤ ቢበዛ «ታማሚው ከሦስት ቀን በፊት እንደጀመረው ይናገራል» ብሎ ይጽፋል። ይህም የታማሚው ቃል እንጂ የሐኪሙ ምስክርነት አይደለም።

አንዳንዱ እዚህ ላይ ወደ ኋላ የተቀነሰ ቀን እንዲጻፍለት ይለምናል። ከዚያም የባሰው ወረቀቱን ይገዛል። ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ መስጠትንም ሆነ በዚያ መጠቀምን ያስቀጣል። ቅርንጫፉ ደግሞ በወረቀቱ ላይ ባለው የካርድ ቁጥር ወደ ተቋሙ ጽፎ ማረጋገጥ ይችላል። ለአንድ ፈተና ቀን ሲባል ሐኪምንም ራስንም እንዲህ ላለ አደጋ ማጋለጥ አይገባም። ፈተናው ነገም አለ።

ደብዳቤው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ ብዙዎች የሚስቱት ነው። በእኛ ምሳሌ ልጅቷ ዓይኗ እያለቀሰ ቢሮ መሄድ ስለሌለባት ወንድሟ ወሰደላት። ሁለት ቅጂ ይዟል፤ ሁለቱም ላይ የእሷ ፊርማ አለ። መዝገብ ቤት ደርሶ «እህቴ ታማብኝ ነው፤ ነገ ፈተና ነበረባት፤ ይቺን ገቢ አድርጉልኝ» አለ። ሠራተኛዋ ዋናውን ተቀብላ ቁጥርና ቀን ሰጠችው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ አመስግኖ ይወጣል። ወንድሟ ግን ሁለተኛውን ቅጂ አውጥቶ ያንኑ የገቢ ቁጥርና ቀን እንድትጽፍበት፣ ማኅተምም እንድታሳርፍበት ጠየቃት። በኋላ «ደብዳቤሽ አልደረሰንም» የሚል ሰው ቢመጣ መልሱ እሱ ነው።

ገቢ የሆነው ደብዳቤ ወደ ኃላፊው ይሄዳል። ኃላፊው በጥጉ ላይ ምሪት ይጽፍበታል፤ ለምሳሌ «ለፈተና ክፍል፤ በማስረጃው መሠረት ይስተናገድ» ይልና ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው የፈተና ክፍሉ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ለአመልካቹ በጽሑፍ መልስ አይሰጥም፤ ስሙ በቀጣዩ ዝርዝር ይካተታል፣ ለማሠልጠኛውም ይነገራል። ልጅቷ ለማሠልጠኛው ግልባጭ ማድረጓ እዚህ ጠቀማት። አዲሱን ዝርዝር የሚያዘጋጀው ማሠልጠኛው ስለሆነ፣ ቢሮው ቢፈቅድም ማሠልጠኛው ካላወቀ ስሟ ሊቀር ይችላል። ዕረፍቷ ሲያልቅ በገቢ ቁጥሩ ምሪቱ የት እንደደረሰ መጠየቅ፣ በአዲሱ ዝርዝር ላይም ስሟን በዓይኗ ማየት ይጠበቅባታል።

ሕመሙ ካልሻራትስ? ከኅዳር 13 በኋላም ዓይኗ ካልጠራ የመጀመሪያው ወረቀት አያገለግላትም። ዕረፍቱ ከማለቁ በፊት ወይም ባለቀበት ዕለት ተመልሳ መታየት፣ የተራዘመውን ዕረፍት የሚያሳይ አዲስ ወረቀት ማምጣት፣ የመጀመሪያውን የገቢ ቁጥር ጠቅሳም «ቀደም ሲል በቁጥር … ያመለከትኩትን በመከተል» ብላ ሁለተኛ ደብዳቤ ማስገባት አለባት። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ማንም ሐኪም ያልመሰከረበት ክፍት ቀን ካለ፣ ፈተናውም በዚያ ቀን ከዋለ፣ ጥያቄው ይወድቃል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳዩን በሌላ መልክ ያውቁታል። በብሪታንያ የንድፈ ሐሳብ ፈተና የሚያዘው ተፈታኙ ራሱ በኢንተርኔት ነው፤ ለመኪና ፈተና 23 ፓውንድ ይከፈላል። ቀን መቀየር የሚፈልግ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም፤ በዚያው ገጽ ላይ ይቀይራል። ነገር ግን ቢያንስ ሦስት ሙሉ የሥራ ቀናት ሲቀሩ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ክፍያውን ያጣል። አሳሳቹ የቀን አቆጣጠሩ ነው። የሚለወጥበት ዕለትና የፈተናው ዕለት አይቆጠሩም፤ እሑድና የበዓል ቀናትም አይቆጠሩም፤ ቅዳሜ ግን ይቆጠራል። ፈተናው ዓርብ ከሆነ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሦስቱ ሙሉ ቀናት ናቸው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ዕድል ሰኞ ነው። ማክሰኞ ጠዋት «ሦስት ቀን አለኝ» ብሎ የሚቀይር ሰው ዘግይቷል።

ሁለቱን አሠራሮች ስናስተያይ የብሪታንያው ጥቅም ደንቡ አስቀድሞ ለሁሉም የታወቀ መሆኑ ነው። የእኛው ጥቅም ደግሞ ሰው መኖሩ ነው። በዋዜማው የታመመች ልጅ ማስረጃዋን ይዛ ብታመለክት፣ ደብዳቤዋን አንብቦ ነገሩ ገብቶት «ይስተናገድ» ብሎ የሚፈርም ኃላፊ አለ። ይህ በጎ ነገር ነው። የሚጎድለው ደንቡን ለተፈታኙ አስቀድሞ መንገር ነው። ሠልጣኞች ቀን ለማስቀየር ምን ወረቀት፣ እስከ መቼ፣ ወደ የትኛው መስኮት እንደሚወስዱ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ከታመሙ በኋላ ነው፤ ያውም ከሰው አፍ።

ስለዚህ ጥያቄው ለቅርንጫፎችና ለማሠልጠኛ ተቋማት ነው። የፈተና ቀን በሕመም ምክንያት የሚቀየርበትን መንገድ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ለጥፉ፤ ሠልጣኙ ለፈተና ሲመደብም ከመጥሪያው ጋር ስጡት። በሕመም መቅረትና ያለ ምክንያት መቅረት በመዝገብ ላይ ተለይተው ይጻፉ። ተፈታኞች ደግሞ ገቢ የተደረገበትን የደብዳቤ ቅጂ መንጃ ፈቃዳችሁን በእጃችሁ እስክትይዙ ድረስ አትጣሉት።